«ይጓጓዛል» ሲባል የሚያጓጉዘው ማን ነው?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ አስኪያጃችን ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ ምንጭ ልናጎለብት ነበር። ወረቀቱ የፕሮጀክቱ ዕቅድ ነው። «እስቲ ይህን በሰንጠረዥ አድርጊልኝ» አሉኝ። ምዕራፉ፣ ተግባሩ፣ ፈጻሚው፣ ቀኑ እንዲታይ ፈልገዋል። ለዓርብ ነው።

ሥራው ከሰዓት በኋላ ያልቃል ብዬ አልተቀመጥኩም። ምክንያቱም በ2016 ለሌላ ምንጭ ያንኑ ሥራ በአንድ ከሰዓት ጨርሼው ነበር። ጽሑፉን ቆራርጬ ሳጥኖቹ ውስጥ ለጠፍኩት። «ፈጻሚ አካል» በሚለው ዓምድ ሥር «ፕሮጀክቱ፣ ወረዳው፣ ማኅበረሰቡ» እያልኩ ሞላሁ። ጊዜው ላይ «ከጥቅምት እስከ ሰኔ» አልኩ። ሰንጠረዡ ያምር ነበር። ሲሚንቶው ጥር ላይ ደረሰ። ድንጋዩ ግን መጋቢት እስኪጋመስ አልተለቀመም። ሲሚንቶው በቀበሌው መጋዘን እርጥብ ወለል ላይ ተደርድሮ ከርሞ ከሥር ያሉት ከረጢቶች ድንጋይ ሆኑ። ከረጢቱን በእጄ ስጫነው እንደ ግድግዳ አልበገር አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም።

ስለዚህ በ2017 ዕቅዱን ይዤ ተቀመጥኩና መጀመሪያ አነበብኩት። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ፕሮጀክቱ በጥቅምት ወር ከሚመለከታቸው አካላት ጋር የማስተዋወቂያ ስብሰባ በማካሄድ የሚጀመር ሲሆን፣ የማኅበረሰቡን ተሳትፎ ባረጋገጠ መልኩ የጥናትና የዲዛይን ሥራ በኅዳር ወር ይከናወናል። በመቀጠልም አስፈላጊው ቁሳቁስ ተገዝቶ ወደ ቦታው ይጓጓዛል። የግንባታ ሥራው በበጋው ወራት ተጠናቅቆ፣ የውሃ ጥራት ምርመራ ከተደረገና የውሃ ኮሚቴው ከሠለጠነ በኋላ፣ ከክረምቱ በፊት ለተጠቃሚው ርክክብ ይደረጋል።»

አማርኛው ምንም እንከን አይወጣለትም። እንዲህ ያለ አንቀጽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥም፣ ድርጅት ውስጥም፣ ዕድር ውስጥም ሁላችንም ጽፈናል። ግን ግሦቹን አንድ በአንድ እዩአቸው። ይከናወናል። ተገዝቶ። ይጓጓዛል። ተጠናቅቆ። ከተደረገ። ከሠለጠነ። ይደረጋል። በአንዱም ውስጥ ሰው የለም። ቋንቋችን ለዚህ ያመቻል፤ ግሡ ላይ «ተ» ሲጨመር ወይም ከ«ይ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ሲጠብቅ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ሲነበብ ጨዋ ነው፣ ማንንም አያስከፋም። ሰንጠረዡ ግን «ፈጻሚ» የሚል ባዶ ሳጥን አስቀምጦ ይጠብቃል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ግሡን ወደ አድራጊው እመልሰዋለሁ። «ተገዝቶ» የሚለውን «ማን ገዝቶ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ውስጤ ካለ እጽፋለሁ፤ ከሌለ ስልክ አነሳለሁ። ከመገመት መደወል ይሻላል። በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት «ይጓጓዛል» ከሚለው ቃል ነው። መጀመሪያ የግዥ ሠራተኛችንን ጠየቅኳት።

«ሲሚንቶውን ወደ ምንጩ የምታደርሺው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ? እኔ የምገዛው እኮ ነው። ማጓጓዙ ሁልጊዜ በወረዳው መኪና ነው።»

ወረዳው ዘንድ ደወልኩ። የውሃ ባለሙያው ምንም ሳያመነታ መለሰልኝ። «መኪና እናንተ ናችሁ የምታመጡት። ስምምነቱም እንደዚያ ነው የሚለው። ደግሞ መኪና ብታመጡም እስከ ጤና ኬላው ድረስ ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገደል ነው።»

ያ ሁለት ኪሎ ሜትር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱም ሰዎች በቅን ልቦና ሥራው የሌላው እንደሆነ ያምኑ ነበር። «ይጓጓዛል» የሚለው ቃል ሁለቱንም አስማምቶ አስቀምጧቸዋል። ሰንጠረዡ ላይ ያቺ አንዲት ቃል ሦስት ረድፍ ሆነች፦ ከፋብሪካ አከፋፋዩ እስከ ወረዳው ከተማ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላው በመኪና፣ ከጤና ኬላው እስከ ምንጩ በአህያ።

የአህያው ረድፍ ሒሳብ ይፈልጋል። ዲዛይኑ 60 ኩንታል ሲሚንቶ ይጠይቃል። ይህ 50 ኪሎ የሚመዝን 120 ከረጢት ነው። አንድ አህያ በዚያ ገደል አንድ ከረጢት ይችላል። 20 አህያ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ 40 ከረጢት ይገባል፤ ሦስት ቀን ያስፈልጋል ማለት ነው። ሦስት ቀን ቀላል ይመስላል። ግን ሦስቱን ቀን ለማግኘት ሙሉ ሳምንት እንደሚያስፈልግ በኋላ ነው የገባኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፈጻሚ ላይ ሁለት ነገር ወስኜ ነው የሠራሁት። አንደኛ፣ በአንድ ረድፍ አንድ ፈጻሚ ብቻ። ሌሎቹ «ተባባሪ» የሚል ሌላ ዓምድ ይግቡ። «ወረዳው እና ፕሮጀክቱ» ብዬ ከጻፍኩ ሥራው የማንም አይደለም። «የሚመለከታቸው አካላት»ማ በፍጹም ሳጥን ውስጥ አይገቡም፤ ስልክ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ውጭ ያለውን ሰው በስሙ ሳይሆን በሥራ መደቡ አሰፈርኩት። የወረዳ ባለሙያ ይዛወራል። የኛም ወረዳ ባለሙያ ጥር ላይ ተዛወረ። ስሙ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ተተኪው «ይህ የኔ አይደለም» ለማለት መንገድ ያገኝ ነበር። ስልኩን «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ ያዝኩት፤ ሲቀየር ያ ብቻ ይቀየራል።

ከዚያ ቀን መሙላት መጣ።

ዕቅዱ ውስጥ ያሉት ቀኖች «በጥቅምት»፣ «በኅዳር»፣ «በበጋው ወራት»፣ «ከክረምቱ በፊት» ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛ ገደብ፤ ክረምቱ። ሰኔ ሲገባ ጤና ኬላው ድረስ ያለው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ መኪና አይገባም። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ርክክቡን ግንቦት 22 ላይ ተከልኩና ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ከጥቅምት ወደ ፊት ብቆጥር ኖሮ ሁሉም ነገር እንደሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው፤ ማን ስምንት ወር አይበቃኝም ይላል?

ከርክክቡ በፊት የውሃ ጥራት ውጤት ያስፈልጋል። ከውጤቱ በፊት ናሙና። ለጀርም ምርመራ የሚወሰድ ናሙና በበረዶ ሳጥን ተይዞ ከ24 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ አይወሰድም። ሰኞ ግንቦት 11 ላይ አደረግኩት። ከናሙናው በፊት የምንጩ ውሃ የሚጠራቀምበት የግንብ ሳጥን በክሎሪን ይታጠባል። ከዚያ በፊት ግንባታው ያልቃል።

እዚህ ላይ ግንበኛውን ደወልኩላቸው። ብዙ ምንጭ የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ግንቡ ሚያዝያ 30 ቢያልቅ በሳምንቱ ውሃ ብንለቅበት ይደርሳል?»

«ልጄ፣ ሲሚንቶ እኮ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚበረታው። መጀመሪያ ሳምንት ጠዋትና ማታ ታጠጪዋለሽ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ብትሞይበት ይሰነጠቅና በሚቀጥለው ዓመት ታፈርሽዋለሽ።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፦ «ለመሆኑ ማን ነው የሚያጠጣው? እኔ ከጨረስኩ እሄዳለሁ።»

28 ቀን ከዕቅዱ ውስጥ የለም። የሚያጠጣ ሰውም የለም። «ግንባታው ተጠናቅቆ ምርመራ ይደረጋል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ተደብቋል። ዓረፍተ ነገር ጊዜ አይወስድም፤ «ከዚያም» ሲል አንድ ወር ይዘላል። ይህን ረድፍ ራሱን አስችዬ አስገባሁት፤ ፈጻሚው የውሃ ኮሚቴው የሚቀጥረው ጥበቃ ሆነ። ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ገለበጠብኝ። ጥበቃ የሚቀጥር ኮሚቴ ከግንባታው በፊት መመረጥ አለበት። ዕቅዱ ግን ኮሚቴውን መጨረሻ ላይ ነው ያሠለጠነው። ምርጫውን ወደ ታኅሣሥ አመጣሁት። ሥልጠናውንም ከግንባታው ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረግኩት፤ ቧንቧው ሲቀጠል ያየ ሰው ሲፈስ ለመጠገን አይቸገርም።

በኅዳር የተባለው ጥናትም እንደተባለው አልጸናም። የወረዳው ባለሙያ «በኅዳር የተለካ ምንጭ ያታልላል» አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ትደቅናለህ፣ እስኪሞላ ሰከንድ ትቆጥራለህ። በኅዳር ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ በኋላ ስንለካው ጀሪካኑ በ50 ሰከንድ ሞላ። በቀን 34,560 ሊትር ማለት ነው። ያው ምንጭ ባለፈው ግንቦት ሲለካ 80 ሰከንድ ፈጅቶ ነበር፤ 21,600 ሊትር። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብንል በኅዳሩ ልኬት 1,382 ሰው ይጠጣል፣ በግንቦቱ 864። ዲዛይኑ የሚሠራው በደረቁ ወር ልኬት ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የግንቦቱ ልኬት ወረዳው ዘንድ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ባይገኝ ኖሮ ጥናቱ እስከሚቀጥለው በጋ መጠበቅ ነበረበት። «በኅዳር» የምትለዋ ቃል በጽሑፉ ውስጥ ስትነበብ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ትመስላለች። ቀን ሆና ዓምድ ውስጥ ስትገባ ነው ባለሙያው ያያት።

አሁን ስለ ኤክሴል ልናገር፤ በዚህ ብዙ ሰው ሲቸገር አይቻለሁ። ኤክሴል የኛን ዘመን አያውቅም። ኅዳር 12 ቀን 2017 ለማለት 12/03/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል። ግን የተረዳው የፈረንጅ መጋቢት 12 ወይም ታኅሣሥ 3 ነው፤ ያውም ከኛ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ። ስህተት አይልም። ቀይ አያበራም። ከዚያ በኋላ የምትደምሩት የቀን ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል። ቀኑን «ኅዳር 12» ብላችሁ በፊደል ብትጽፉት ደግሞ ጽሑፍ ይሆናል፤ አይደመርም፣ በቅደም ተከተል አይደረደርም።

እኔ የማደርገው ቀኑን ለሁለት ከፍሎ መጻፍ ነው። በአንዱ ዓምድ ቀኑን፣ በሌላው የወሩን ቁጥር፤ መስከረም 1፣ ጥቅምት 2 እያለ። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ሒሳቡን እጅግ ቀላል ያደርገዋል። የ2017 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ከዚያ ተነስቶ መቁጠር ብቻ ነው። ቀኑ B5፣ ወሩ C5 ላይ ካለ፦

```
=DATE(2024,9,11)+(C5-1)*30+(B5-1)
```

ኅዳር 12ን ስታስገቡ ኖቬምበር 21 ቀን 2024ን ይሰጣል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ብላችሁ ብትጽፉት ይሠራል። ለሌላ ዓመት መነሻዋን ቀን ብቻ ትቀይራላችሁ፤ ግን ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዓመት በ12 እንደሚገባ አትርሱ። 2016 እንደዚያ ነበር የገባው። ይህ የፈረንጅ ቀን ያለበት ዓምድ ለማሽኑ ነው። ስታትሙ ደብቁት። ቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ «የካቲት 17» ብቻ ይታይ።

ከቀን ልወጣው በላይ የጎዳን ግን የበዓላት ነገር ነበር።

ድንጋይ መልቀሙ የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከጥር 14 እስከ የካቲት 10 ቢሆን ይሻላል አሉ። አዝመራው ተሰብስቧል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ነው የሚገባው። «27 ቀን ነው፣ ይበቃል» አልኳቸው። ሳቁና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ቅዳሜና እሑድ ስምንት ቀን ሄደ። ከዚያ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለወልድ፣ የካቲት 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ። በነዚህ ቀኖች በዚያ ቀበሌ ድንጋይ የሚያነሳ የለም። የቀረው 11 ቀን ነው። ከ27 ቀን 11!

አህያዎቹም ያው ናቸው። ከየካቲት 17 እስከ 21 ያለው ሳምንት አምስት የሥራ ቀን ይመስላል። 19 ገብርኤል ነው፣ 21 ማርያም። የቀሩት 17፣ 18 እና 20 ናቸው። ሦስት ቀን፤ ልክ የሚያስፈልገን ያህል፣ አንድም ትርፍ የለውም። ይህን ባላውቅ ኖሮ «ሦስት ቀን» ብዬ ከሰኞ እስከ ረቡዕ እይዘው ነበር።

ስለዚህ ሁለት የበዓል ዝርዝር አዘጋጀሁ። አንዱ ለግንበኛውና ለቀጠራቸው ሠራተኞች ነው፤ እነሱ ቅዳሜም ይሠራሉ፣ የሚያርፉት እሑድና ትልልቆቹን በዓላት ነው። ሌላው ለማኅበረሰቡ ነው፤ ወርኃዊ በዓላቱ ሁሉ አሉበት። ኤክሴል ውስጥ ማብቂያውን ቀን በእጄ አልጽፍም፣ ከመጀመሪያው ቀንና ከሥራ ቀኑ ብዛት እንዲያወጣው አደርጋለሁ፦

```
=WORKDAY.INTL(E5-1,F5,11,$K$2:$K$20)
```

E5 መጀመሪያ ቀን ነው፣ F5 የሥራ ቀን ብዛት። 11 የምትለዋ ቁጥር «የሚታረፈው እሑድ ብቻ ነው» ማለት ነው። ቅዳሜም ከታረፈ በ11 ፋንታ 1 ይጻፋል። የመጨረሻው የበዓላቱ ዝርዝር ያለበት ቦታ ነው። የሚቀጥለው ረድፍ መጀመሪያ ደግሞ ከዚህኛው ማብቂያ ጋር ይያያዛል። ይህ ካልተያያዘ ሰንጠረዡ ሥዕል ነው፤ አንዱ ሲንሸራተት ሌላው አያውቅም።

ዓርብ ዕለት ለሥራ አስኪያጃችን ያስረከብኩት ሁለተኛው አጋማሽ፣ «ተባባሪ» እና «ማስታወሻ» የሚሉትን ዓምዶች ትተን፣ ይህን ይመስላል፦

| ምዕራፍ | ተግባር | ፈጻሚ | መጀመሪያ | ማብቂያ | ቀኑ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቁሳቁስ | ድንጋይ ለቅሞ ምንጩ ዘንድ መከመር | የቀበሌው ሊቀመንበር | ጥር 14 | የካቲት 10 | ግምት |
| ቁሳቁስ | አሸዋ ማድረስ | የግዥ ሠራተኛ | የካቲት 10 | የካቲት 14 | ቁርጥ |
| ቁሳቁስ | ሲሚንቶ በአህያ ማስገባት | የግዥ ሠራተኛ | የካቲት 17 | የካቲት 20 | ግምት |
| ግንባታ | ቁፋሮ፣ ሳጥን፣ ቧንቧና ቦኖ | ግንበኛው | የካቲት 24 | ሚያዝያ 8 | ግምት |
| ግንባታ | ግንቡን ውሃ ማጠጣትና 28 ቀን መጠበቅ | የኮሚቴው ጥበቃ | ሚያዝያ 9 | ግንቦት 6 | ቁርጥ |
| ምርመራ | በክሎሪን ማጠብ | የወረዳው ውሃ ባለሙያ | ግንቦት 7 | ግንቦት 9 | ግምት |
| ምርመራ | ናሙና ማድረስና ውጤት መቀበል | የወረዳው ውሃ ባለሙያ | ግንቦት 11 | ግንቦት 18 | ግምት |
| ርክክብ | ርክክብና የቃለ ጉባኤ ፊርማ | እኔ | ግንቦት 22 | ግንቦት 22 | ግምት |

ሲሚንቶው ከድንጋዩና ከአሸዋው በኋላ መምጣቱን እዩ። የ2016ቱን ከረጢት እያሰብኩ ነው ያስቀመጥኩት።

የምዕራፉን ስም በየረድፉ ደግሜ ጽፌዋለሁ። ሳጥኖቹን አዋህዶ «ቁሳቁስ» ብሎ አንዴ መጻፍ ያምራል፣ ግን የግዥ ሠራተኛዋ የሷን ሥራ ብቻ ለይታ ማየት ስትፈልግ ሰንጠረዡ ይዘበራረቃል።

መጨረሻ ላይ ያለው «ግምት» እና «ቁርጥ» የሚለው ዓምድ የኔ ጭማሪ ነው። ሰንጠረዥ አንድ ክፋት አለው። ጽሑፉ «አካባቢ» ሲል ጥርጣሬውን ያሳያል። ሰንጠረዥ ውስጥ የገባ ቀን ግን ሁሉም እኩል እርግጠኛ ይመስላል። 28ቱ ቀን የሲሚንቶ ጠባይ ነው፣ አይደራደርም። ግንባታው ሚያዝያ 8 ማለቁ ግን ምኞት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፊደል ከተጻፉ አንባቢው አይለያቸውም።

ደግሞ ሰንጠረዥ ውስጥ ያልገቡ ነገሮች ነበሩ። ቦኖው ለምን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች እንጂ በላይ እንዳልሆነ፣ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ለምን እንደተለየ። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ቀንና ፈጻሚ የላቸውም። ከሦስቱ ገጽ አንዱን ገጽ እንዳለ አቆየሁት፣ ከሰንጠረዡ ጀርባ ተያይዞ ሄደ። «የማኅበረሰቡን ተሳትፎ ባረጋገጠ መልኩ» የሚለው ግን የትም አልገባም። ድንጋዩ፣ ጥበቃውና የኮሚቴው ምርጫ ረድፍ ከሆኑ በኋላ የሚገባበት አልነበረውም።

የሆነውን ልንገራችሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ በልግ ዘነበ። ቁፋሮው ውሃ ሞላ፣ ግንበኛው አምስት የሥራ ቀን አጡ። ሚያዝያ 8 ማለቅ የነበረበት ግንብ አምስት ቀን ቀረው። አምስት ቀን ቢጨመር ሚያዝያ 13 ነው፤ ርክክቡም ግንቦት 27 ይሆናል፤ ገና ሰኔ አልገባም። ማንም የሚያስበው እንደዚያ ነው፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ግን የሥራ ቀኑ ብዛት ላይ አምስት ጨምሬ ስጫነው ሰንጠረዡ ሚያዝያ 18 አለኝ። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ሠራተኞቹ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምረው እስከ ማግሥቱ ሰኞ ቤታቸው ናቸው። አምስቱ ቀን የሚጀምረው ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ነው። አምስት የሥራ ቀን አሥር ቀን ሆነ። 28ቱ ቀን ከዚያ ይቆጠራል፤ ግንቦት 16። ከሥር ያለው ሁሉ አሥር አሥር ቀን ወረደ። ርክክቡ ሰኔ 2 ላይ ወደቀ።

ይህን ያወቅኩት መጋቢት 28 ነው። ለሥራ አስኪያጃችን አሳየኋቸው። የእንግዶቹን መኪና ለግንቦት 22 ይዘውት ነበር። ወደ ሰኔ 2 አዛወሩት፣ ከጤና ኬላው በፊት ያለችውን ትንሽ ወንዝ ለመሻገርም ባለ አራት ጎማ ጉልበት ያላት መኪና ጠየቁ። የወረዳው ባለሙያም የላቦራቶሪውን ቀጠሮ ከግንቦት 11 ወደ 21 አዛወረ። ተተኪው ነው፤ ስልኩን ከ«ማስታወሻ» ዓምድ ነው ያገኘሁት።

ሰኔ 2 ሰኞ ነበር። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ አድሯል። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስገባ ሰንጠረዡ በሩ አጠገብ ተለጥፎ አየሁት፤ ጠርዙ ተጠቅልሏል። «ግንቡን ውሃ ማጠጣት» ከሚለው ረድፍ ጎን አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጭረት ጭረት አድርጓል፣ አምስት አምስት እያሰረ። ቆጠርኩት። 28 ነው።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አልኳቸው ሊቀመንበሩን።

«ጥበቃው ነው» አሉኝ። «ማጠጣቱ ሳምንት ይበቃል ብንለው እስከ መጨረሻው አጠጣው። ሲያጠጣ ውሎ ማታ ማታ እየመጣ ይጭራል። ስሙ እዚያ ላይ ተጽፏል አይደል?»

ስሙ አልተጻፈም ነበር። የተጻፈው «የኮሚቴው ጥበቃ» ነው።